ወይን በሬስቶራንት፦ ከዝርዝሩ እስከ ቅምሻው

በሬስቶራንት ወይን ሲታዘዝ ተመጋቢው የሚወስናቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ስንት ብር ይወጣል፣ ምን ዓይነት ወይን ይምጣ፣ የመጣው ጠርሙስስ ደህና ነው ወይ። ብዙ ሰው የሚደናገረው ሦስቱ ጥያቄዎች ስለሚደባለቁበት ነው። ዝርዝሩን ገልጦ ዋጋውንም ዓይነቱንም በአንድ ጊዜ ለማየት የሚሞክር ሰው ገጾቹ ሁሉ አንድ ይሆኑበታል። ለቅምሻ የተቀዳለትን ወይን ይዞ “ወደድኩት ወይስ አልወደድኩትም?” እያለ የሚጨነቅም ጊዜው ያለፈበትን ጥያቄ ነው የሚያነሳው፤ የመምረጡ ጉዳይ ጠርሙሱ ሳይከፈት አልቋል። ሦስቱ በየተራቸው ከመጡ ነገሩ ከባድ አይደለም።

መጀመሪያ የሚወሰነው ገንዘቡ ነው፤ የሚወሰነውም ዝርዝሩ ሳይገለጥ ነው። ለዚህ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ልክ ብቻ ነው። የተለመደው የወይን ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሬስቶራንት በአንድ ብርጭቆ የሚቀዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 150 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ከአንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣል። አራት ሰዎች እራት ላይ ተቀምጠው አንዱ መኪና የሚነዳ፣ አንዷ ደግሞ ወይን የማትጠጣ ከሆነ ለቀሩት ሁለቱ አንድ ጠርሙስ ከበቂ በላይ ነው። አራቱም የሚጠጡ ከሆነ አንዱ ጠርሙስ ለእያንዳንዳቸው ከአንድ ብርጭቆ ትንሽ የሚያልፍ ነው የሚደርሳቸው፤ ምግቡ ሳያልቅ ወይኑ ያልቃል። ስለዚህ ለአራት ጠጪዎች ከመጀመሪያው ሁለት ጠርሙስ አስቦ ገንዘቡን ለሁለት መክፈል፣ አንድ ውድ ጠርሙስ አዝዞ ሁለተኛው ላይ ከመሳቀቅ ይሻላል።

በአዲስ አበባ ሆቴሎችና ደህና በሚባሉ ሬስቶራንቶች ደግሞ ሌላ መታየት ያለበት ነገር አለ። ብዙዎቹ ሜኑ ላይ ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ዋጋው 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያንና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር ይጻፋል። ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ማለት ትንሽ ያሳስታል፤ ታክሱ የሚሰላው የአገልግሎት ክፍያው ከተጨመረ በኋላ ሲሆን ነገሩ ከዚያ ከፍ ይላል። በዝርዝሩ ላይ 3,000 ብር የተባለ ጠርሙስ ቢታዘዝ፣ የአገልግሎቱ 300 ብር ሲጨመር 3,300 ይሆናል፤ የዚህ 15 በመቶ 495 ብር ነው፤ ከኪስ የሚወጣው 3,795 ብር። ከተጻፈው ዋጋ ሩብ ያህሉንና ከዚያም ጥቂት በላይ ተጨምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ ጋባዡ ለወይን ከነሁሉ ነገሩ ከ4,000 ብር አላልፍም ካለ፣ በዝርዝሩ ላይ ጣሪያው ወደ 3,150 ብር አካባቢ ነው። ለሁለት ጠርሙስ ካሰበው ደግሞ እያንዳንዱ ከ1,580 ብር መብለጥ የለበትም። ይህን ቁጥር በልቡ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ሳያነብ ሊያልፈው ይችላል፤ አሥር ገጽ የነበረው ዝርዝር ሁለት ገጽ ይሆንለታል። ልማዱ ከአገር አገር እንደሚለይ ግን ማስታወስ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ በሜኑ ላይ የሚታየው ዋጋ ታክሱንም አገልግሎቱንም ያካተተ ነው። በአሜሪካ ግን ከተጻፈው በላይ የግዛቱ የሽያጭ ታክስ ይመጣል፤ ቲፑም በተለምዶ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሆነ ዋሽንግተን ወይም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዘመድ ለሚጋብዝ ሰው ሒሳቡ ከአዲስ አበባው ብዙም አይርቅም።

ሬስቶራንት ወይኑን ገዝቶ ባመጣበት ዋጋ አይሸጥም፤ በሁለትና በሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሸጣል። ብርጭቆውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አስተናጋጁን፣ የሚሰበረውንና የሚበላሸውን ሁሉ ወይኑ ነው የሚከፍልለት። በብርጭቆ ሲሸጥ ደግሞ ትርፉ ይበልጥ ይከብዳል። በብዙ አገር ያለ የንግዱ ልማድ የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ ሬስቶራንቱ ለሙሉው ጠርሙስ ከከፈለው ጋር እንዲጠጋ ነው፤ የቀሩት አራት ብርጭቆዎች ባይሸጡ እንኳ ቤቱ አይከስርም። ለዚህ ነው ሁለት ሰዎች ሦስት ብርጭቆ እንደሚጠጡ ካወቁ የብርጭቆውን ዋጋ በሦስት አባዝተው ከጠርሙሱ ጋር ማስተያየት ያለባቸው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ጠርሙሱ ያዋጣል፤ የተረፈውን ይዞ መሄድም ይቻላል።

ስለ ዋጋ የሚነገር አንድ የቆየ ምክር አለ፤ ከታች ሁለተኛውን ርካሽ ወይን አትዘዙ የሚል። ምክንያቱም እንግዳው በጣም ርካሹን ማዘዝ ያፍራል፣ ሬስቶራንቱም ይህን አውቆ ትልቁን ትርፍ ሁለተኛው ላይ ይጭነዋል ይባላል። በ2021 ይፋ የሆነ፣ ከሁለት መቶ በላይ የለንደን ሬስቶራንቶችን የወይን ዝርዝር የመረመረ ጥናት ግን ይህን አላገኘም። በመቶኛ ሲታይ ትርፉ ከፍ ብሎ የተገኘው በዝርዝሩ መሀል አካባቢ ባሉት ላይ ነው፤ ሁለተኛው ርካሽ በአንጻሩ መጥፎ ግዢ አልነበረም። ለንደን አዲስ አበባ አይደለችም፤ ቢሆንም ከታች ሁለተኛውን ያዘዘ ሰው የሚያፍርበት ነገር እንደሌለ ለመናገር ይህ ይበቃል።

ወደ ዝርዝሩ ስንመጣ፣ አደረጃጀቱ የትም ቦታ ከሞላ ጎደል አንድ ነው። መጀመሪያ የሚፈሉት እንደ ሻምፓኝ ያሉት፣ ቀጥሎ ነጩ፣ ሮዜው፣ ቀዩ፣ መጨረሻ ላይ ጣፋጩ። በእያንዳንዱ ሥር በአገር ወይም በወይን ፍሬው ዓይነት ይከፈላል። አንዱ መስመር አራት ነገሮችን ይነግራል፤ ወይኑን የሠራው ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ፍሬው የተለቀመበት ዓመትና ዋጋው። አንባቢን የሚያደናግረው አምስተኛው ነገር፣ የፍሬው ዓይነት፣ አንዳንዴ ተጽፎ አንዳንዴ አለመጻፉ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ ሁለት የአሰያየም ልማዶች መኖራቸው ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቺሊ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ወይኑን የሚጠሩት በፍሬው ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ሻርዶኔ እያሉ። የዝዋዩ ፋብሪካም በዚሁ መንገድ ሄዷል። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ሐይቅ አካባቢ ካለማው እርሻ የሚሠራቸው፣ በ2014 ገበያ ላይ የዋሉት የሪፍት ቫሊ ወይኖች ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞና ሻርዶኔ ተብለው ይለያሉ። አንዱን የሪፍት ቫሊ ሜርሎ የቀመሰ ሰው የደቡብ አፍሪካ ሜርሎ ሲያይ ቢያንስ መነሻ አለው። አሮጌዎቹ የአውሮፓ ወይን አገሮች ግን ወይኑን የሚጠሩት በቦታው ነው፤ ፍሬውን አንባቢው እንደሚያውቅ ይገምታሉ። ሻብሊ የተባለ ነጭ ወይን ሻርዶኔ ነው። ሳንሴር ነጩ ሶቪኞ ብላን ነው። የቡርጎኝ ቀይ ፒኖ ኗር፣ የኪያንቲ ዋናው ፍሬ ሳንጆቬዜ፣ የሪዮሃ ቀይ ደግሞ በአብዛኛው ቴምፕራኒዮ ነው። እነዚህን አምስት ስሞች የያዘ ሰው የአብዛኛውን የአውሮፓ ገጽ ቁልፍ ይዟል፤ የቀረውን አስተናጋጁን መጠየቅ ነውር የለበትም።

የአገር ውስጡ ነባር ወይን የራሱን ስም ይዞ ስለሚመጣ ለብቻው መታወቅ አለበት። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ምርቶች ጉደር ቀይ ሆኖ ስኳር የሌለው ነው፤ አክሱሚት ቀይና ጣፋጭ ነው፤ ክሪስታል ነጭና ስኳር የሌለው ነው። ጉደር አዝዞ ጣፋጭ የጠበቀ፣ አክሱሚት አዝዞ ከክትፎ ጋር ለመጠጣት ያሰበ እንግዳ ቅር ቢለው ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። በዝርዝር ላይ “ድራይ” ወይም “ደረቅ” ማለት ስኳሩ አልቆ ወደ አልኮል ተቀይሯል ማለት ብቻ ነው። ጉሮሮን የሚያደርቀው፣ ድድን የሚይዘው ስሜት ከዚህ ይለያል፤ እሱ የሚመጣው ታኒን ከሚባለው፣ ከወይኑ ቆዳና ፍሬ ከሚወጣው ነገር ነው፤ በወፍራም ሻይ ውስጥ ያለውም እሱው ነው። እንግዳው “ደረቅ አልወድም” ሲል አስተናጋጁ ጣፋጭ ሊያመጣለት ይችላል፤ እሱ የጠላው ግን ታኒኑን ሊሆን ይችላል። “አፍ የማይዝ፣ ለስላሳ ቀይ” ማለት ይበልጥ ያግባባል።

ከመስመሩ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ዓመቱን ነው። በኢትዮጵያ ገበያ ግን ዓመቱ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ከውጭ የሚመጣው ወይን መንገዱ ረጅም ነው፤ ጉምሩክ ይቆያል፣ መጋዘን ይቆያል፣ ቀረጡ ዋጋውን ስለሚያንረው ሬስቶራንቱ መደርደሪያ ላይም ቶሎ አይነሳም። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ ነጭና ሮዜ ወይን ደግሞ የሚጠጣው በትኩስነቱ ነው፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አብዛኛው እየደበዘዘ ይሄዳል። በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ አምስት ዓመት ያለፈው ሶቪኞ ብላን ሜኑ ላይ ሲታይ ማለፍ ነው። ቀዩ ትንሽ ይታገሣል። “ወይን ሲቆይ ይጥማል” የሚባለው እውነት የሚሆነው ለጥቂት፣ ለመቆየት ተብለው ለተሠሩና በቀዝቃዛ ቦታ ለተቀመጡ ወይኖች ነው።

መደርደሪያውን በዓይን ማየትም ይጠቅማል። አንዳንድ ቤት ቀይ ወይኑን ለውበት ብሎ ከቡና ማሽኑ በላይ፣ ከአምፖል ሥር ይደረድረዋል። ለወራት በዚያ ሙቀት የቆመ ጠርሙስ ወይኑ የበሰለ ያህል ይሆናል፤ ትኩስ የፍሬ ሽታው ጠፍቶ ማርማላታ ማርማላታ ይላል። እንዲህ ባለ ቤት ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን፣ ማለትም ብዙ ሰው የሚያዝዘውን የአገር ውስጥ ወይን መምረጥ ከውጭ መጥቶ አቧራ ከጠጣው ይሻላል። በአገር ውስጡ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ስለሌለበትም ለተመሳሳይ ብር የተሻለ ነገር የሚገኘው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው።

ምን ዓይነት ይምጣ የሚለው ከምግቡ ጋር ይወሰናል፤ ግን ሊቃውንት እንደሚያከብዱት መሆን የለበትም። ለአገራችን ገበታ አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። በርበሬ የበዛበት ምግብ ላይ ከፍተኛ አልኮልና ብዙ ታኒን ያለው ቀይ ወይን ቃጠሎውን ያብሰዋል፤ ዶሮ ወጥ እየበሉ 14.5 በመቶ አልኮል ያለው ወይን የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለው ምግብ ቀዝቃዛ ሮዜ፣ ትንሽ ጣፋጭነት ያለው ነጭ፣ ወይም ለስላሳና ቀለል ያለ ቀይ ይስማማል። ጥብስ፣ የተጠበሰ ሥጋና ስቴክ ግን ታኒን ያለውን ሲራ ወይም ካበርኔ በደንብ ይሸከማሉ፤ የሥጋው ስብና ጨው ወይኑን ያለሰልሰዋል። ለአሣ፣ በተለይ ሎሚ ለነካው፣ ጎምዛዛ ነጭ ነው የሚሄደው። በገበታው ላይ ሁሉም የተለያየ ካዘዘ መሀል ላይ የሚገናኘው ለስላሳ ቀይ ወይም ሮዜ ነው፤ ሁሉን የሚያስደስት ፍለጋ ከዚያ በላይ መድከም አያዋጣም።

አሁን አስተናጋጁን መጥራት ይቻላል። በትልልቅ ቤቶች ለወይን ብቻ የተመደበ ባለሙያ፣ ሶምሊየ የሚባለው፣ ሊመጣ ይችላል፤ በሌላው ቤት ያው አስተናጋጁ ነው። ለሁለቱም የሚነገረው ሦስት ነገር ነው፤ ምግቡ፣ የሚፈለገው ጠባይና ዋጋው። ዋጋውን በእንግዶች ፊት መጥራት የሚከብደው ጋባዥ ለዚህ የቆየ ዘዴ አለለት። ዝርዝሩን ለአስተናጋጁ አዙሮ ጣቱን በልቡ ካሰበው ቁጥር ላይ አሳርፎ፣ “ጥብስና አሣ አዘናል፤ ለስላሳ ቀይ እንፈልጋለን፤ እንዲህ ያለውን አስበን ነበር” ይላል። ጣቱ ያረፈው በወይኑ ስም ሳይሆን በዋጋው ላይ ነው። ሥራውን የሚያውቅ አስተናጋጅ ወዲያው ይገባዋል፤ በዚያው ዋጋ አካባቢ ሁለት ሦስት ይጠቁማል። ከተጠቆመው ቁጥር በእጅጉ የሚበልጥ ካመጣ ደግሞ “ከዚህ ዝቅ ያለስ?” ማለት በቂ ነው፤ ማንም ምክንያት አይጠይቅም።

ጠርሙሱ ሲመጣ ሳይከፈት ላዘዘው ሰው ይታያል። ይህ ለወግ ብቻ የሚደረግ አይደለም። የሠሪው ስም፣ የወይኑ ስምና ዓመቱ በዝርዝሩ ከታየው ጋር መግጠም አለባቸው። ስህተት የሚበዛው ዓመቱ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ ከታተመ ቆይቶ የዚያ ዓመት ወይን አልቆ የሚቀጥለው ገብቶ ይሆናል። አዲሱ ከሆነ ብዙም አይጎዳም፤ የመጣው ነጭ ወይን ከዝርዝሩ ይልቅ በሦስት ዓመት የቆየ ከሆነ ግን ከመከፈቱ በፊት መናገር ነው። ከተከፈተ በኋላ “ይሄን አላዘዝኩም” ማለት ሁለቱንም ወገን ያስቸግራል። በዚሁ ቅጽበት ጠርሙሱን በእጅ ነካ ማድረግም ይቻላል፤ ነጩ ቀዝቅዞ መምጣት አለበት፣ ቀዩም መሞቅ የለበትም።

ቡሹ ሲወጣ አስተናጋጁ ገበታው ላይ ያስቀምጠዋል። ማሽተት አያስፈልግም፤ ቡሽ የሚሸተው ቡሽ ቡሽ ነው። ማየት ግን ይቻላል። ከታች ጫፉ ወይን ነክቶት እርጥብ መሆኑ ጥሩ ነው። ወይኑ በጎኑ ሽቅብ እስከ ላይ ጫፍ ድረስ ፈልቆ ከታየ ጠርሙሱ ሙቀት አግኝቶታል ወይም አየር ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ጥርጣሬ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ከቅምሻው ነው የሚመጣው። በጠመዝማዛ ክዳን የተዘጋ ወይን ከሆነ ይህ ሁሉ የለም፤ ቅምሻው ግን አይቀርም።

ከዚያ ላዘዘው ሰው ብርጭቆ ውስጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይቀዳለታል። ብዙ ሰው የሚያልበው እዚህ ላይ ነው፤ ገበታው ሁሉ ያየዋል፣ አስተናጋጁ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠየቀው ግን ወይኑ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም የሚል ብቻ ነው። በአገራችን የድሮ ግብር ላይም የዚህ ዘመድ ነበር፤ አሳላፊው ለጌታው ጠጅ ከመስጠቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። የዚያ ቅምሻ ጥያቄ መርዝ አለበት ወይ ነበር፤ የዚህኛው ደግሞ ቡሹ ወይም ሙቀቱ አበላሽቶታል ወይ ነው። በሁለቱም “ይጥማል ወይ” የሚል የለበትም።

ሥራው አሥራ አምስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ብርጭቆውን ገበታው ላይ እንዳለ እግሩን ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር፤ አየር ላይ ማዞር ሸሚዝ ያበላሻል። ከዚያ አፍንጫን ወደ ብርጭቆው አስገብቶ አንድ ጊዜ በደንብ ማሽተት። አብዛኛው ጉዳይ በዚህ ያልቃል፤ የተበላሸ ወይን ብዙ ጊዜ ሳይቀመስ በሽታው ይታወቃል። ቀጥሎ አንድ ጉንጭ መቅመስ፣ ደህና ከሆነ ወደ አስተናጋጁ ቀና ብሎ “ጥሩ ነው፣ ይቀዳ” ማለት። ስለ እንጆሪና ስለ እንጨት ሽታ ንግግር ማድረግ አይጠበቅም፤ አስተናጋጁም ሌላ ገበታ አለበት።

መታወቅ ያለባቸው ጉድለቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያውና የታወቀው የቡሽ ጉድለት የሚባለው ነው። ሻጋታ ክሎሪን ካለባቸው አንዳንድ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ቲሲኤ የሚባል ነገር ይፈጠራል፤ ከቡሹ ወደ ወይኑ ይገባል። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂቱ እንኳ ለሰለጠነ አፍንጫ ይበቃል። ሽታው እርጥብ ካርቶን፣ ውሃ ገብቶት የከረመ ምድር ቤት፣ በዝናብ ተነክሮ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ ነው። ሲቀመስ የፍሬው ጣዕም ጠፍቶ ወይኑ ባዶ ይሆናል። ለጤና አይጎዳም፤ የሬስቶራንቱም ጥፋት አይደለም፤ ውድ ወይን ርካሽ ወይን ሳይል ማንኛውንም በቡሽ የተዘጋ ጠርሙስ ሊያጋጥመው ይችላል።

ሁለተኛው አየር የገባበት ወይን ነው። ነጩ ወደ ቡናማ ያደላል፣ ቀዩ ጡብ ይመስላል፤ ሽታው ተቆርጦ የዋለ ፖም ነው። ከዚህ አልፎ ወደ አቼቶ ወይም ወደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከተጠጋ ሳይጠጡ መመለስ ነው። በብርጭቆ የሚሸጥ ወይን ላይ የሚበዛው ይህ ነው፤ ጠርሙሱ ትናንት ወይም ከትናንት በስቲያ ተከፍቶ ቆሞ ይሆናል። ስለዚህ በብርጭቆ የሚያዝዝ ሰው “መቼ ነው የተከፈተው?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሦስተኛው ከላይ የተነሳው ሙቀት ያገኘው ነው፤ በእኛ አገር ከቡሹ ጉድለት ይልቅ እሱን መጠበቅ ሳይሻል አይቀርም።

ጉድለት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። ከነጭ ወይን ታች እንደ ደቃቅ ስኳር የሚታየው ብርጭቆ መሳይ ነገር የወይኑ የራሱ አሲድ በቅዝቃዜ ጠጥሮ ነው፤ ምንም አይጎዳም። በቆየ ቀይ ወይን ታች የሚገኘው አተላም እንዲሁ፤ በቀስታ ከተቀዳ ጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል። የተጫረ ክብሪት የሚመስል ሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብርጭቆው ሲዞርና ጥቂት ደቂቃ ሲቆይ ይጠፋል። የእርጥብ ካርቶኑ ሽታ ግን ጊዜ ሲሰጡት አይሻልም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሁለቱን ለመለየት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ይኸው መጠበቅ ነው።

የጠረጠረ ሰው የጉድለቱን ስም እስኪያውቅ መጠበቅ የለበትም። “ይቅርታ፣ ይህ ወይን ሽታው ትክክል አልመሰለኝም፤ እስኪ አንተም አሽትተው” ማለት ይበቃል። ፍርዱን ለሁለት ያደርገዋል፣ ክርክርም አያስነሳም። ደንበኛውን የሚያከብር ቤት የዚያኑ ወይን ሌላ ጠርሙስ ያመጣል፤ እሱም በንጹሕ ብርጭቆ እንደገና ይቀመሳል። ሁለተኛውም ያንኑ ከሸተተ ያ ጠባዩ ሊሆን ይችላልና ሌላ ዓይነት ማዘዝ ነው። ጉድለቱ የታወቀው ከተቀዳ በኋላ ከሆነ ያኔውኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ጠርሙሱን አጋምሶ “ተበላሽቷል” የሚል እንግዳን ማንም አያምነውም። ወይኑ ደህና ሆኖ አልጣመኝም ብሎ መመለስ ግን አይገባም፤ ያዘዘው ይከፍላል። ከዚህ የሚወጣው አንድ ሁኔታ አለ፤ እንግዳው ለስላሳ ነገር ጠይቆ አስተናጋጁ ራሱ መርጦ ያመጣው ወይን አፍ የሚይዝ ሆኖ ሲገኝ። ያኔ በጨዋ ቃል ማንሳት ነውር አይደለም፤ ጥሩ ቤት መፍትሔ ይፈልጋል።

ቅምሻው ካለፈ በኋላ አስተናጋጁ ለእንግዶቹ ይቀዳል፤ ልማዱ ከሴቶችና ከታላላቆች ጀምሮ ያዘዘውን መጨረሻ ማድረግ ነው። ብርጭቆው ከሲሶው አካባቢ በላይ አይሞላም፤ ይህ ስስት ሳይሆን ሽታው የሚሰበሰብበት ቦታ መተው ነው። ጠርሙሱን ቶሎ ለማስጨረስ እየደጋገመ የሚሞላ አስተናጋጅ ካጋጠመ “እኛው እንቀዳለን” ቢሉት አይቀየምም።

አንድ የሚቀር ነገር ሙቀቱ ነው። ቀይ ወይን በክፍሉ ሙቀት ይጠጣል የሚባለው የድሮ የአውሮፓን ቀዝቃዛ ክፍል አስቦ ነው፤ የሚፈለገው ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ወይም ድሬዳዋ ውስጥ መደርደሪያ ላይ የዋለ ቀይ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል፤ አልኮሉ አፍንጫን ይመታል። በረዶና ውሃ ያለበት ባልዲ አስመጥቶ አሥር ደቂቃ ማስቀመጥ ያስተካክለዋል። በረዶ ብቻውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ውሃው ሲጨመርበት ጠርሙሱን ዙሪያውን ስለሚነካው ይፈጥናል። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቢሆን ይጥማል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ሽታው ይታፈናል።

ሒሳቡ ሲመጣ የሚታየው የጠርሙሱ ብዛትና ዋጋው ከዝርዝሩ ጋር መግጠሙ ነው፤ ለተመለሰው የተበላሸ ጠርሙስ አይከፈልም። ከጠርሙሱ የተረፈ ካለ ቡሹን መልሶ እንዲዘጋለት ጠይቆ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ በአንዳንድ አገር ግን የአካባቢው ሕግ ስለሚለያይ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቤት ሲደርስ ቀይም ሆነ ነጭ ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል።